ምርጡ መልስ ለምን ማዕዘን ላይ ይገኛል?

ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባለው የሒሳብ ዘርፍ የሚነሣው ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ዕቃውም ጊዜውም ውስን ሲሆን ከየትኛው ሥራ ምን ያህል ቢሠራ ትርፉ ከሁሉ ይበልጣል፣ ወይም ወጪው ከሁሉ ያንሳል? ዘርፉ የሚመለከተው ነገሩ ሁሉ በቀጥታ ተመጣጥኖ የሚያድግበትን ሁኔታ ብቻ ነው። አንድ ወንበር 400 ብር ካተረፈ 10 ወንበር 4,000 ብር ያተርፋል፤ አንድ ጠረጴዛ 4 ጣውላ ከፈጀ 5 ጠረጴዛ 20 ጣውላ ይፈጃል። በብዛት ለሚገዛ ቅናሽ የለም፣ ገበያው ሲሞላም ዋጋው አይወርድም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ሊመረጡ የሚችሉ ዕቅዶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ምርጡን ለማግኘት ግን ሁሉንም መፈተሽ አያስፈልግም፤ የሚቻሉትን ዕቅዶች በሙሉ የያዘው ክልል ጥቂት ማዕዘኖች አሉት፣ ምርጡም ከእነዚያ በአንዱ ላይ ይገኛል። ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ትንሽ ምሳሌ እስከ መጨረሻው መከተል ይበቃል።

ጠረጴዛና ወንበር ብቻ የሚሠራ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ይታሰብ። ለሳምንቱ 40 ጣውላ አለው፣ የአናጢዎቹም ጊዜ ተደምሮ 39 ሰዓት ነው። አንድ ጠረጴዛ 4 ጣውላና 3 ሰዓት ይወስዳል፤ አንድ ወንበር 2 ጣውላና እንዲሁ 3 ሰዓት ይወስዳል፤ ወንበር እንጨቱ ቢያንስም መጋጠሚያው ብዙ ነውና። ጠረጴዛው 600 ብር፣ ወንበሩ 400 ብር ያተርፋል። የጠረጴዛው ብዛት x፣ የወንበሩ ብዛት y ቢባል ጠቅላላው ነገር በሚከተሉት መስመሮች ይጻፋል፦

```
ትርፍ፦   600x + 400y   (ከፍ ይበል)
ጣውላ፦   4x + 2y ≤ 40
ሰዓት፦   3x + 3y ≤ 39
        x ≥ 0,  y ≥ 0
```

የመጨረሻው መስመር ከዜሮ በታች ጠረጴዛ መሥራት አይቻልም ከማለት አያልፍም። የማይረባ ቢመስልም ኋላ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ቁጥሮቹ ደግሞ ሙሉ መሆን የለባቸውም፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ግማሹ የተሠራ ጠረጴዛ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል።

እያንዳንዱ ገደብ በወረቀት ላይ ሲሣል አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ የመስመሩ አንድ ወገን የተፈቀደ፣ ሌላው የተከለከለ ነው። አራቱም ገደቦች በአንድነት ሲሣሉ በአራት ወገን የታጠረ ማሳ የመሰለ ክልል ይወጣል። በማሳው ውስጥ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ ሊሠራ የሚችል የሳምንት ዕቅድ ናት። አራቱ መስመሮች በስድስት ቦታ ይቋረጣሉ፤ ከስድስቱ ሁለቱ ግን ከአጥሩ ውጭ ይቀራሉ። 13 ጠረጴዛ ብቻ መሥራት 52 ጣውላ ይጠይቃል፣ 20 ወንበር ብቻ መሥራትም 60 ሰዓት ይፈልጋል፤ ሁለቱም የማይቻሉ ናቸው። የቀሩት አራቱ የማሳው ማዕዘኖች ናቸው፦ ምንም አለመሥራት፣ 10 ጠረጴዛ ብቻ፣ 13 ወንበር ብቻ፣ እና 7 ጠረጴዛ ከ6 ወንበር ጋር።

አሁን የሥራ ቤቱ ኃላፊ 6 ጠረጴዛና 4 ወንበር ለመሥራት አቀደ እንበል። ትርፉ 5,200 ብር ነው፤ 32 ጣውላና 30 ሰዓት ስለሚፈጅ ከሁለቱም ይተርፋል። ነጥቡ ከማሳው መሃል ነው፣ አንድም አጥር አልነካም። ከአጥር የራቀ ሰው በፈለገው አቅጣጫ መራመድ ይችላል፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ይጨመር። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ 600 ብር እየገባ ጠረጴዛው 8 ሲደርስ ጣውላው ያልቃል፤ ትርፉም 6,400 ብር ይሆናል። ሰዓቱ ግን ገና 3 ቀርቶታል።

ይህች ነጥብ የጣውላውን አጥር ነክታለች፤ ወደ ፊት መግፋት አይቻልም፣ አጥሩን ተደግፎ ወደ ጎን መሄድ ግን ይቻላል። በአጥሩ ላይ መሄድ ማለት ጣውላው ሁልጊዜ 40 እንደሆነ ይቆያል ማለት ነው፤ አንድ ጠረጴዛ ከተተወ በተረፈው 4 ጣውላ ሁለት ወንበር ይሠራል። በዚህ ልውውጥ 600 ብር ይቀርና 800 ብር ይመጣል፤ ሒሳቡ 200 ብር ትርፍ ነው። ልውውጡ ወደ ተቃራኒው ቢደረግ፣ ሁለት ወንበር ትቶ አንድ ጠረጴዛ መሥራት ልክ 200 ብር ያከስራል። ሁለቱ መጠኖች እኩል መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም፤ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ሁሉ በቀጥታ ተመጣጥኖ ስለሚሄድ፣ በአንድ አቅጣጫ አንድ እርምጃ የሚሰጠውን ያህል በተቃራኒው አቅጣጫ ያንኑ እርምጃ መሄድ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ መስመር ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ ከቻለና ሁለቱ አቅጣጫዎች ትርፉን ከለወጡት፣ አንዱ በግድ ይሻላል። የሚሻል እርምጃ እያለ ደግሞ የቆሙበት ቦታ ምርጥ ሊሆን አይችልም።

ልውውጡ አንድ ጊዜ ሲደረግ ዕቅዱ 7 ጠረጴዛና 6 ወንበር ይሆናል። ጣውላው 40፣ ሰዓቱም 39 ሞላ፤ ትርፉ 6,600 ብር ደረሰ። እዚህ ሁለት አጥሮች ይገናኛሉ፣ እግርም ይታሰራል። በጣውላው አጥር ላይ ወደ ኋላ መመለስ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ 200 ብር ያሳጣል። በሰዓቱ አጥር ላይ አንድ ጠረጴዛ በአንድ ወንበር መለወጥም 600 ሰጥቶ 400 መቀበል ስለሆነ ያው 200 ብር ይጎዳል። ከዚህ በተለየ መንገድ ወደ ማሳው ውስጥ መግባት የሁለቱ ኪሳራዎች ቅልቅል ነው። ሌላ መሄጃ የለም፤ 6,600 ብር የመጨረሻው ከፍታ ነው።

ማዕዘንን ከሌላው ነጥብ የሚለየው ይኸው ነው። በማሳው መሃል ያለች ነጥብ በየአቅጣጫው ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ በአጥር ላይ ያለች በአንድ መስመር ብቻ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ማዕዘን ላይ ያለች ግን በየትኛውም መስመር ላይ ወደ ሁለቱም ወገን መሄድ አትችልም። የወዲያ ወዲህ ዕድል ያላት ነጥብ ሁሉ ወይ የሚሻላት ጎረቤት አላት፣ ወይም የምትሄድበት መስመር ትርፉን ፈጽሞ አይለውጠውም። ይህ ሁለተኛው ሁኔታ ተለይቶ መታየት አለበት፤ «ምርጡ ማዕዘን ላይ ነው» የሚለው አባባል አለአግባብ የሚተረጎመው እዚህ ላይ ነውና።

የወንበሩ ትርፍ ከ400 ወደ 300 ብር ወረደ ይባል። ያን ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ትቶ ሁለት ወንበር መሥራት 600 ሰጥቶ 600 መቀበል ነው። 7 ጠረጴዛ ከ6 ወንበር ጋር 6,000 ብር ያስገኛል፤ 8 ጠረጴዛ ከ4 ወንበር ጋርም 6,000 ብር፤ 10 ጠረጴዛ ብቻውንም 6,000 ብር። በጣውላው አጥር ላይ ያለው ነጥብ ሁሉ እኩል ምርጥ ሆነ ማለት ነው፤ ከማዕዘን ውጭ ያሉ ምርጥ መልሶችም ስፍር የላቸውም። ይሁን እንጂ በዚህ አጥር ላይ የቆመ ሰው ምንም ሳይጎድልበት ወደ አንዱ ጫፍ ሊሄድ ይችላል፣ ጫፉም ማዕዘን ነው። ትክክለኛው አነጋገር እንግዲህ ይህ ነው፦ ምርጥ መልስ ካለ፣ ቢያንስ አንዱ ምርጥ መልስ ማዕዘን ነው። ሁሉም ምርጥ መልስ ማዕዘን ነው ማለት ግን ስሕተት ነው።

ይኸው እውነት በሌላ በር ገብቶም ይታያል፣ ለብዙ አንባቢም ይህኛው በር ይቀላል። 8 ጠረጴዛና 4 ወንበር የሚለው ዕቅድ የሁለት ማዕዘኖች ቅልቅል ነው፤ 7 ጠረጴዛና 6 ወንበር የሚለው ሁለት እጅ፣ 10 ጠረጴዛ ብቻ የሚለው አንድ እጅ ተደርጎ ቢደባለቅና ለሦስት ቢካፈል ልክ 8 ጠረጴዛና 4 ወንበር ይወጣል። ወደ መጀመሪያው ዋጋ ተመልሶ ትርፉ ሲሰላም እንዲሁ ነው። ሁለት ጊዜ 6,600 እና አንድ ጊዜ 6,000 ተደምሮ ለሦስት ሲካፈል 6,400 ብር ይሆናል። የቅልቅል ዕቅድ ትርፉም ቅልቅል ነው። በዙሪያው በታጠረ እንዲህ ባለ ማሳ ውስጥ ያለች ማንኛዋም ነጥብ የማዕዘኖቹ ቅልቅል ሆና ልትጻፍ ትችላለች፤ ትርፏም የማዕዘኖቹ ትርፍ አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ ከአባላቱ ትልቁን በልጦ አያውቅም። የአንድ ክፍል አማካይ ውጤት ከአንደኛው ተማሪ ውጤት እንደማይበልጥ ሁሉ፣ የመሃሉ ዕቅድም ከምርጡ ማዕዘን አይበልጥም።

ሁኔታው የሚፈርስበትም ጊዜ አለ፤ መንገዱም ጥቂት ነው። ሥራ ቤቱ ቢያንስ 15 ዕቃ እንዲያስረክብ ቢታዘዝ፣ በ39 ሰዓት ከ13 በላይ ስለማይሠራ ማሳው ባዶ ይሆናል፤ መልስም አይኖርም። የጣውላና የሰዓት ገደብ የጻፈው ሰው ሁለቱንም ቢረሳ ትርፉ ያለ ጣሪያ ይወጣል፣ አሁንም ምርጥ የሚባል ነገር የለም። በተግባር ኮምፒውተር «መልሱ ወሰን የለውም» ሲል አብዛኛውን ጊዜ የተገኘው ሀብት ሳይሆን የተረሳ ገደብ ነው። ሦስተኛው ሁኔታ ረቂቅ ነው። የሰዓቱ ገደብ ብቻ ቢቀርና ከዜሮ በታች መሄድን የሚከለክለው መስመር ቢነሣ፣ ክልሉ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ የተከፈለ ግማሽ ሜዳ ይሆናል። አጥሩ ጫፍ የለውም፣ ማዕዘንም የለም። የዕቃውን ጠቅላላ ብዛት ከፍ ለማድረግ ቢፈለግ 13 የሚል ምርጥ መልስ አለ፣ የሚያርፍበት ማዕዘን ግን የለም። የማይረባ የመሰለው የዜሮ ገደብ ሥራው እዚህ ይታያል፤ ማንኛውም ቀጥ ያለ መስመር ወደ አንዱ ጎን ሲቀጥል መጨረሻው ከአንድ የዜሮ አጥር ጋር መጋጨት ስለሆነ፣ በእኩል ከፍታ የሚራመድ ሰው ከማዕዘን ሳይደርስ አይቀርም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ጥያቄውን ጨርሰው ከዚህ ሕግ ያወጡታል። አንደኛው ትርፉ ቀጥ ብሎ አለመሄዱ ነው። ወንበር በበዛ ቁጥር ዋጋው የሚወርድ ከሆነ፣ ወደ ፊት የሚገኘውና ወደ ኋላ የሚጠፋው እኩል መሆኑ ይቀራል፤ ከዚያም ከፍታው ከማሳው መሃል ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሁለተኛው ሙሉ ቁጥር ብቻ ሲፈቀድ ነው። ሰዓቱ ከ39 ወደ 40 ቢያድግ አዲሱ ማዕዘን 6.67 ገደማ ጠረጴዛና 6.67 ገደማ ወንበር ላይ ያርፋል፣ ትርፉም 6,667 ብር ግድም ይሆናል። ሁለቱንም ወደ 7 ማጠጋጋት 42 ጣውላ ስለሚጠይቅ አይቻልም። በሙሉ ቁጥር የሚገኘው ምርጡ ያው የድሮው 7 ጠረጴዛና 6 ወንበር ነው፤ ማዕዘኑ ላይ ግን የለም። ማዕዘኑን አግኝቶ ቁጥሩን ማጠጋጋት አስተማማኝ ዘዴ አይደለም፤ ለሙሉ ቁጥር ጥያቄ ሌላ ሥልት አለው።

ሁለት ዕቃ ብቻ ሲሆን ማሳው በወረቀት ላይ ይሣላል። ሦስት ዕቃ ሲሆን ክልሉ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ገጽና ጠርዝ ያለው ጠጣር ይሆናል፤ ከዚያ ሲያልፍ መሣል አይቻልም። ክርክሩ ግን አይለወጥም፤ መቁጠር ብቻ ይበቃል። በሁለት ዕቃ ጥያቄ ነጥብን የሚያስሩት ሁለት የተነኩ አጥሮች ናቸው፣ በሦስት ዕቃ ሦስት፣ በመቶ ዕቃ መቶ። የተነኩት ከዚያ ካነሱ ነጥቧ አሁንም ወዲያና ወዲህ የምትልበት መስመር አላት። በዚያ መስመር ትርፉ ወደሚሻልበት፣ ካልተለወጠም ወደ ወደዱት ወገን ይሄዳሉ፤ አዲስ አጥር ሲነካ ይቆማሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። በየእርምጃው የተነካው አጥር ይጨምራል፣ ትርፉ ግን አይቀንስም፤ ቁጥሩ ሲሞላ ማዕዘን ተደርሷል። ኮምፒውተር የሰጠው መልስ ማዕዘን መሆኑም በዚሁ ይታወቃል፤ በተጣራ ጥያቄ ውስጥ የተነኩት ገደቦች ከዕቃዎቹ ብዛት ካነሱ መልሱ ከአጥር ወይም ከገጽ መሃል ያረፈ ነው፣ እኩል ምርጥ የሆኑ ሌሎች መልሶችም አሉ ማለት ነው። በክልሉ ውስጠኛ በኩል የሚያልፉት አዳዲስ ስሌቶች አንዳንዴ እንዲህ ያለ መልስ ይዘው ይመጣሉ።

ከማዕዘን ወደ ጎረቤት ማዕዘን እየተራመደ መልስ የሚፈልገውን ሲምፕሌክስ የተባለ ስሌት በ1947 ያወጣው አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ዳንትዚግ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ፈተናዎቹ አንዱ የምግብ ጥያቄ ነበር። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ ስቲግለር በ1945 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ሰው ዘጠኝ ዓይነት የምግብ ፍላጎቱን (ካሎሪ፣ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረትና አምስት ቫይታሚኖች) በዝቅተኛ ወጪ ከ77 የምግብ ዓይነቶች እንዴት ሊያሟላ እንደሚችል ጠይቆ ነበር። እርሱ በጥበብና በሙከራ ያገኘው ዝርዝር በ1939 ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር ይፈጃል። ምርጡ ይህ መሆኑን ግን ማረጋገጥ አልቻለም።

ጥያቄው 77 ዕቃ ስላለው ማዕዘኑ የሚታሰረው በ77 የተነኩ አጥሮች ነው። ያሉት አጥሮች 86 ናቸው፦ ዘጠኙ የፍላጎት ገደቦች፣ 77ቱ ደግሞ «ከዜሮ በታች አይገዛም» የሚሉት። ከ86 አጥር 77ቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች ወደ 460 ቢሊዮን ይጠጋሉ፤ ብዙዎቹ እንደ 13ቱ ጠረጴዛ ከክልሉ ውጭ ቢወድቁም አንድ በአንድ መፈተሽ የማይታሰብ ነው። የማዕዘን ሕግ ፍለጋውን ከስፍር የለሽ ወደሚቆጠር አወረደው፤ ሲምፕሌክስ ደግሞ ሁልጊዜ ወደሚሻለው ጎረቤት እየሄደ ከተቆጣሪዎቹም ጥቂቶቹን ብቻ ይጎበኛል። በ1947 የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያዎች መሥሪያ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ሠራተኞች በእጅ ማስያ ይህን ስሌት ሲሠሩ 120 ያህል የሰው የሥራ ቀን ፈጀባቸው። መልሱ 39.69 ዶላር ነበር፤ ስቲግለር የተሳሳተው በ24 ሳንቲም ብቻ ነው።

ከመቁጠሩ አንድ ነገር ስሌቱ ሳይጀመር ይታወቃል። የፍላጎት ገደቦቹ ዘጠኝ ብቻ ስለሆኑ፣ 77ቱ የተነኩ አጥሮች ቢያንስ 68 የዜሮ አጥሮችን መያዝ አለባቸው። ስለዚህ ርካሹ ገበታ ከዘጠኝ የምግብ ዓይነት በላይ አያስፈልገውም፤ የቀሩት 68 ምግቦች ምንም ያህል ቢጣፍጡ ከዝርዝሩ ይወጣሉ። በሊኒየር ፕሮግራሚንግ የተገኘ ገበታ ሁልጊዜ የሚሰለች የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መብዛት የማዕዘን ጠባይ አይደለም።

የተገኘው መልስ ከዚያም ጠበበ። የስንዴ ዱቄት፣ የበሬ ጉበት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ነጭ ቦሎቄ፣ በድምሩ አምስት ምግብ ነው። ፕሮቲን፣ ብረት፣ ቫይታሚን ቢ1 እና ናያሲን ከሚያስፈልገው በላይ ተርፈዋል፤ የቦሎቄውና የዱቄቱ ብዛት ብቻውን ያስገኛቸዋል። ካሎሪ፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቫይታሚን ቢ2 እና ቫይታሚን ሲ ግን ልክ በሚፈለገው መጠን ላይ ቆመዋል፤ ከእነዚህ አንዱም አይተርፍም። የተነኩት የፍላጎት ገደቦች 5፣ ያልተገዙት ምግቦች 72፣ ድምሩ 77 ነው።